94 ቢሊዮን ዶላር በቼክ፦ የኩዌቱ ሱቅ አል-መናኽ እንዴት ተነፋ፣ እንዴት ፈነዳ

በኩዌት ከተማ ድሮ ግመል ይሸጥበት በነበረ ቦታ ላይ አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ሕንጻ ተሠርቶ ነበር፤ ሱቅ አል-መናኽ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1982 በዚህ ሕንጻ ውስጥ አክሲዮን የሚገበያዩ ሰዎች እርስ በርሳቸው የጻፏቸው ቼኮች ሲቆጠሩ ወደ 29 ሺህ ሆኑ። በላያቸው ላይ የሰፈረው ገንዘብ ሲደመር ደግሞ 94 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ደረሰ። የአገሪቱ የዓመት ጠቅላላ ምርት የዚህ ሩብ ገደማ ብቻ ነበር። ቼኮቹን የጻፉትና የተቀበሉት 6 ሺህ ያህል ሰዎች ናቸው። በአማካይ አንዱ ቼክ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጽፎበታል ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ገበያ አረፋ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዋጋ ነው፤ ስንት ነበር፣ ስንት ደረሰ፣ ወደ ስንት ወረደ። የመናኽ ታሪክ ግን ሌላ ነገር አጥርቶ ያሳያል። አረፋን አረፋ የሚያደርገው ገዢው የሚከፍልበት መንገድ ነው። ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ሲንር የገዢዎች ኪስ አንድ ቦታ ላይ ያቆመዋል። ገዢው የሚከፍለው ነገ እከፍላለሁ በሚል ወረቀት ከሆነ፣ ሻጩም ያንን ወረቀት እንደ ገንዘብ ቆጥሮ ሌላ ከገዛበት፣ ማቆሚያው ይጠፋል።

ነገሩ የጀመረው ከነዳጅ ነው። በ1973 እና 1974 የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በአራት እጥፍ ገደማ ሲጨምር ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ በነበረ አገር ላይ መዋያ ያጣ ገንዘብ ጎረፈ። መጀመሪያ የሞቀው መደበኛው የአክሲዮን ገበያ ነበር። በ1977 ዋጋው ሲወርድ መንግሥት ሁለት እርምጃ ወሰደ። አንደኛው፣ ዋጋ ከዚህ በታች አይወርድም ብሎ ወለል አበጀና አክሲዮኖቹን ራሱ ገዛ። ሁለተኛው፣ አዲስ የአክሲዮን ኩባንያ ማቋቋምን አጠበቀ። ሁለቱም እርምጃዎች ለየብቻ ሲታዩ ምክንያታዊ ናቸው፤ አብረው ግን ቀጣዩን ጥፋት አዘጋጁ። የመጀመሪያው ነጋዴውን ብትከስር መንግሥት ይደርስልሃል ብሎ አስተማረው። ሁለተኛው ገንዘቡን ቁጥጥር ወደሌለበት ቦታ ገፋው። አዳዲሶቹ ኩባንያዎች ባሕሬንና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እየተመዘገቡ አክሲዮናቸው መናኽ ውስጥ መሸጥ ጀመረ። በኩዌት ሕግ የውጭ ኩባንያዎች ስለሆኑ መደበኛው ገበያ አይቆጣጠራቸውም፤ የተመዘገቡባቸው አገሮችም ኩዌት ውስጥ የሚካሄደውን ንግድ አያዩትም።

ከእነዚህ ኩባንያዎች ብዙዎቹ ይህ ነው የሚባል ሥራ አልነበራቸውም። ከባለ አክሲዮኖች የሰበሰቡትን ገንዘብ መልሰው መናኽ ውስጥ የሌሎች ኩባንያዎችን አክሲዮን ገዙበት። ዋጋ በወጣ ቁጥር በመዝገባቸው ላይ ትርፍ ይታያል፤ ትርፍ ሲታይ የራሳቸው አክሲዮን ዋጋ ይወጣል፤ ያንን የያዘው ሌላው ኩባንያም በተራው አተረፍኩ ይላል። ስለዚህ የአንዱን ኩባንያ የሒሳብ ሪፖርት ብቻ አንብቦ ጤናውን ማወቅ አይቻልም ነበር። ትርፉ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እዚያው ሕንጻ ውስጥ የሚዞር ገንዘብ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሞተር እንምጣ። በመናኽ አክሲዮን በሁለት ዋጋ ይሸጥ ነበር። አንዱ የእጅ በእጅ ዋጋ ነው። ሌላው የቀጠሮ ዋጋ ነው፤ ገዢው አክሲዮኑን ዛሬ ይረከባል፣ ክፍያውን ግን ቀኑ ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ በተጻፈበት ቼክ ይሰጣል። የቀጠሮው ዋጋ ከእጅ በእጁ የሚበልጥበት ጭማሪ በዓመት 25 ወይም 50 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ወደ መጨረሻው ከ100 በመቶ አልፎ ነበር። በዚያው ጊዜ የባንክ ብድር ወለድ በሕግ ጣሪያ የተበጀለት ነበርና ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል።

ይህ አሠራር በውስጡ ምን እንደያዘ ለማየት አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። የአንድ አክሲዮን የእጅ በእጅ ዋጋ 10 ዲናር ነው እንበል። አንድ ነጋዴ በ50 በመቶ ጭማሪ፣ ከዓመት በኋላ የሚከፈል የ15 ዲናር ቼክ ጽፎ አክሲዮኑን ይወስዳል። ከፈለገ ዋጋው እስኪወጣ ይዞት ይቆያል። ካልፈለገ እዚያው ቆሞ በ10 ዲናር እጅ በእጅ ይሸጠዋል። በሁለተኛው መንገድ ሲሄድ ያደረገው ነገር አክሲዮን መግዛት አይደለም፤ 10 ዲናር በ50 በመቶ ወለድ ተበድሯል። ዋስ የለም፣ መያዣ የለም፣ የሥራ ዕቅድ የጠየቀው የለም። ያስፈለገው የቼክ ደብተርና ብዕር ብቻ ነው።

ዓመቱ ሲደርስ 15 ዲናር ይፈለጋል። የአክሲዮኑ ዋጋ ከ10 ወደ 20 ወጥቶ ከሆነ፣ ይዞ የቆየው ሰው ሸጦ ከፍሎ 5 ዲናር ያተርፋል። ዋጋው እዚያው 10 ላይ ከቆመ ግን፣ አንድም ሳንቲም ሳይወርድ፣ ነጋዴው ከስሯል። ይህን ነጥብ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጭማሪው 50 በመቶ በሆነበት ገበያ ላይ ዋጋው በዓመት ቢያንስ በግማሽ ካልጨመረ በቀጠሮ የገዛ ሁሉ መክፈል አይችልም። ገበያው እንዲፈርስ ዋጋ መውረድ አያስፈልገውም፤ መቆም ይበቃዋል።

መክፈል ያልቻለው ሰው ምን ያደርጋል? አሮጌውን ቼክ በአዲስ ቼክ ይሸፍናል። 15 ዲናር ጥሬ ገንዘብ ለማግኘት አንድ ተኩል አክሲዮን በቀጠሮ ይገዛል፤ 22.5 ዲናር የሚል ቼክ ይጽፋል፤ አክሲዮኑን እጅ በእጅ ሸጦ የመጀመሪያውን ዕዳ ይከፍላል። በቀጣዩ ዓመት ዕዳው 33.75 ይሆናል፣ ከዚያ 50.6። ያችው 10 ዲናር በአራት ዓመት ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነች። ጭማሪው 100 በመቶ ከሆነ ደግሞ በአራት ዓመት 160 ዲናር ትሆናለች። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አዲስ ፋብሪካ አልተከፈተም፣ አዲስ ሀብት አልተጨመረም። ከአገሪቱ ምርት አራት እጥፍ በላይ የሆነው 94 ቢሊዮን ዶላር ከየት ተገኘ ለሚለው ጥያቄ ትልቁ መልስ ይኸው ነው፤ ከድምሩ ብዙው ጭማሪ በጭማሪ ላይ እየተደራረበ የመጣ ቁጥር ነበር።

እዚህ ላይ በ1982 መጀመሪያ ማንም ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችል የነበረ ምልክት አለ፤ እርሱም ራሱ ጭማሪው ነው። ሻጭ በ100 በመቶ ጭማሪ ካልሆነ አልሸጥም ሲል ከሁለት አንዱን እያሰበ ነው፤ ወይ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ይወጣል ብሎ ያምናል፣ ወይ ቼኩ መከፈሉን ይጠራጠራል። ከገዢው ወገን ስናየው ደግሞ የባሰ ነው። በዓመት እጥፍ ለመክፈል የሚስማማው ማን ነው? ጥንቁቅ ነጋዴ አይስማማም። የሚስማማው የአሮጌ ቼኩ ቀን የደረሰበትና ዛሬውኑ ጥሬ ገንዘብ ካላገኘ የሚጋለጥ ሰው ነው። ስለዚህ ጭማሪው ከፍ ባለ ቁጥር ጥሩዎቹ ገዢዎች ይወጣሉ፣ ዕዳ ያፈናቸው ይቀራሉ። ሻጩ ብዙ አተርፋለሁ ባለ መጠን የሚቀበለው ቼክ ዋጋ ያጣል። በመጨረሻዎቹ ወራት የአክሲዮን ዋጋ ሰሌዳውን ከማየት ይልቅ ይህን አንድ ቁጥር መከታተል ብዙ ይናገር ነበር።

ሰው ይህን ሁሉ ቼክ ለምን ተቀበለ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ኩዌት ትንሽ አገር ናት፤ ነጋዴው ይተዋወቃል፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ የተሳሰረ ነው። ቼክ አልቀበልም ማለት ሰውን በአደባባይ አላምንህም ማለት ነበር። በዚያ ላይ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ ወንጀል ነው። ማን ወህኒ ለመግባት ቼክ ይጽፋል ተብሎ ታሰበ። የ1977ቱ ድጎማም አልተረሳም። ከተገበያዮቹ መካከል የገበያው ፈረሰኞች የሚል ስም የወጣላቸው ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ የዕዳው አብዛኛው ክፍል ተጠራቅሞ የተገኘው በእነርሱ ላይ ነው። ከስምንቱ ትልቁ ባለዕዳ ቀድሞ በፓስፖርት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ ወጣት ሲሆን፣ ብቻውን የጻፈው ቼክ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

መፈንዳቱ የመጣው ከቼኩ ሕግ ነው። ቼክ በብዙ አገር ሕግ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው። ቀኑ ወደፊት ተጽፎ ቢሆን እንኳ፣ የያዘው ሰው ከቀኑ በፊት ባንክ ቢያቀርበው ባንኩ በቀረበበት ቀን መክፈል አለበት። በኢትዮጵያ የንግድ ሕግም እንዲሁ ነው፤ መርካቶ ውስጥ ቀኑ ያልደረሰ ቼክ ሰጥቶ ዕቃ የሚወስድ ነጋዴ ሁሉ የሚተማመነው በተቀባዩ ቃል ነው፣ ቀኑ በሕግ አይጠብቀውም። መናኽም የቆመው በዚሁ ያልተጻፈ ስምምነት ላይ ነበር፤ ማንም ከቀኑ በፊት ቼክ አያቀርብም።

በ1982 የነዳጅ ገቢ መቀነስ ጀምሯል፣ ከጎን የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ይነዳል፣ አዲስ ጥሬ ገንዘብ እንደ በፊቱ አይገባም። በዓመቱ አጋማሽ የዋጋው ግስጋሴ ቆመ። ኦገስት ላይ ቼክ የያዙ ሰዎች ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ገንዘባቸውን መጠየቅ ጀመሩ፤ ቼኮቹ ስንቅ የላቸውም ተብለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። አንድ ትልቅ ነጋዴ ቼኩ ተመለሰ ሲባል፣ የእርሱን ቼክ የያዘው ሰው የራሱን ቼክ በምን ይከፍላል? የዚያን ሰው ቼክ የያዘውስ? ሁሉም የየራሱን ወረቀት ይዞ ወደ ባንክ ሲሮጥ በቀጠሮ የሚገዛ ሰው በአንድ ጊዜ ጠፋ። ገዢውን የፈጠረው ቼክ ነበርና ቼኩ ሲሞት ገዢውም ሞተ።

ብዙ ሰው የገበያ ውድቀትን ሲያስብ በየቀኑ የሚወርድ ቁጥር ይታየዋል። ቁጥጥር በሌለው ገበያ ግን ውድቀት ዝምታ ሆኖ ይመጣል። ሻጭ አለ፣ ገዢ የለም፤ ገዢ ከሌለ ዋጋም የለም። ትናንት 10 ዲናር የተባለው አክሲዮን ዛሬ ስንት እንደሆነ የሚናገር ሰው አይገኝም። ይህ ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል፤ ንብረቱ ስንት እንደሚያወጣ ካልታወቀ፣ ማን እንደከሰረና ማን እንደዳነ አይታወቅም፤ ያ ካልታወቀ ደግሞ ማንም ለማንም አያበድርም።

መንግሥት ያደረገው የመጀመሪያ ጠቃሚ ነገር ቼኮቹ ሁሉ በአንድ ቦታ እንዲመዘገቡ በአዋጅ ማዘዙ ነው። ለዚሁ የማቻቻያ ኩባንያ ተቋቋመ። ለምን እንዳስፈለገ በትንሽ ሒሳብ ይታያል። ሀ፣ ለ እና ሐ የሚባሉ ሦስት ነጋዴዎችን እንውሰድ፤ ሀ ለለ 100 ሚሊዮን ዲናር ዕዳ አለበት፤ ለ ለሐ 100 ሚሊዮን፤ ሐ ደግሞ ለሀ 90 ሚሊዮን። ቼኮቹ ሲደመሩ 290 ሚሊዮን ናቸው። ሦስቱን ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ዕዳን በዕዳ ስናቻችል ግን ለ ከዕዳ ነጻ ይወጣል፤ የሚቀረው ሀ ለሐ የሚከፍለው 10 ሚሊዮን ብቻ ነው። አንዳቸው ወረቀታቸውን ከደበቁ ወይም ለየብቻ ፍርድ ቤት ከሄዱ ይህ አይሠራም፤ ምንም ያልጎደለበት ለ እንኳ በ100 ሚሊዮን ዕዳ ሊታሰር ይችላል። 29 ሺህ ቼክና 6 ሺህ ሰው ላይ ይህን መሥራት ደግሞ በወራት የሚያልቅ ሥራ አልነበረም።

ከማቻቻሉ የከበደው ፖለቲካው ነው። ጭማሪው ዕዳ ነው ወይስ አይደለም? 10 ዲናር የሚያወጣ አክሲዮን በ20 ዲናር ቼክ የሸጠ ሰው 20 ይገባኛል ይላል፤ ባለዕዳው የፈረመበት ሰነድ በእጁ አለ። ባለዕዳው ደግሞ የወሰድኩት 10 የሚያወጣ ነገር ነው፣ አሁን እርሱም የለም ይላል። የገንዘብ ሚኒስትሩ አብደልላጢፍ አል-ሐመድ ሰው የፈረመውን ይክፈል፣ የሕዝብ ገንዘብ ለቁማርተኛ አይውልም የሚለውን መስመር ይዘው ቆሙ። በ1983 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ መንግሥትም ጭማሪው በሕግ እንዲቆረጥ አደረገ። ለአነስተኛ ባለሀብቶች የሚከፈል 500 ሚሊዮን ዲናር የያዘ ፈንድም ተቋቋመ። አነስተኛ የተባለው እስከ 2 ሚሊዮን ዲናር ያጣ ሰው ነው፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ይህ መስፈርት ብቻውን የገበያውን ስፋት ይናገራል። በእኛ ግምት ሚኒስትሩ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነበሩ፤ ነገር ግን ዕዳው ከአገሪቱ ምርት ሲበልጥ የሚከፍለው ሰው በሌለበት ይክፈል ማለት ምዝገባውን ከማራዘም ሌላ ውጤት አልነበረውም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ባንኮቹ ከዚህ ነገር ውጭ ናቸው ተብሎ ነበር፤ ቼኩ በግለሰቦች መካከል ነውና። ይህ የመጨረሻው ስሕተት ሆነ። ነጋዴው ከባንክ የወሰደው ብድር ነበረበት፤ ለብድሩ መያዣ ያደረገው አክሲዮንና መሬት ነበር። አክሲዮኑ ገዢ ሲያጣ ሁሉም መሬቱን ሊሸጥ ወጣ፤ የመሬት ዋጋ ወረደ፤ መያዣው ከብድሩ አነሰ። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ የቀረው ተስፋ ተሟጠጠ። በዚያ ዓመት ሒሳባቸው ተጣርቶ ሲታይ፣ ከንግድ ባንኮቹ ውስጥ ከኩዌት ብሔራዊ ባንክ በስተቀር ሁሉም በሒሳብ ደረጃ ኪሳራ ላይ ነበሩ። ተከፍተው የቆዩት መንግሥት ከጀርባቸው ስለነበረ ነው። ከኢራቅ ወረራ በኋላም፣ በ1992፣ መንግሥት የባንኮቹን የተበላሸ ብድር ገዛ፤ በውስጡ የመናኽ ዘመን ዕዳ ገና ነበረበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው ጃንዋሪ 2025 ነው። ከዚያ በፊት የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን ከእጅ ወደ እጅ፣ በደላላና በትውውቅ ይሸጥ ነበር፤ ዋጋው ሁለቱ ተዋዋዮች የተስማሙበት ነው፤ ክፍያው እንዴት እንደተፈጸመ የሚመዘግብ ሦስተኛ ወገን አልነበረም። በመደበኛው ገበያ የሚያልፍ ግብይት ገንዘቡና አክሲዮኑ አብረው የሚለዋወጡበት ሥርዓት ስላለው መናኽን የሚመስል ነገር እዚያ ውስጥ ለመብቀል ይቸገራል። ሊበቅል የሚችለው ከበሩ ውጭ ነው። አንድ ሰው አክሲዮን፣ ቤት ወይም መሬት በቀጠሮ ክፍያ ሲቀርብለት፣ የእጅ በእጅ ዋጋው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ይችላል። የሁለቱን ልዩነት ለእጅ በእጁ ዋጋ አካፍሎ ወደ ዓመት ቢመልሰው የሚከፍለውን እውነተኛ ወለድ ያገኛል። 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣው ነገር በስድስት ወር ቼክ 1.3 ሚሊዮን ከተባለ፣ በስድስት ወር 30፣ በዓመት 60 በመቶ ነው፤ ዕዳው በዕዳ ከተተካ ደግሞ 69። ሻጩ ከሆነም ያው ቁጥር ይጠቅመዋል፤ ባንክ ከሚጠይቀው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ወለድ ለመክፈል የተስማማ ገዢ ባንክ ለምን እንዳላበደረው መጠየቅና ቼኩን ከመቀበሉ በፊት የገዢው ገንዘብ ከሌላ ሰው ቼክ የሚመጣ መሆን አለመሆኑን ማጣራት አለበት።